ለማፍጠን የገባ አንድ መስመር፦ በተለዋዋጭ አሬይ መጨረሻ ላይ መጨመር በአማካይ ቋሚ ጊዜ የሚወስድበት ምክንያት

ጉዳዩ የተነሳው ከፋይል መዝገቦችን እያነበበ በሜሞሪ ውስጥ በሚሰበስብ አንድ አነስተኛ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ላይ ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ 100 መዝገቦችን ያነባል፤ እያንዳንዱ መዝገብ 16 ባይት ሲሆን የተነበበው ጥቅል `all` በተባለ ቬክተር፣ ማለትም በሲ ፕላስ ፕላስ ተለዋዋጭ አሬይ፣ መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ፕሮግራሙን የጻፈው ባልደረባዬ 5,000 መዝገቦች ባሉት የሙከራ ፋይል ሲፈትነው ገና እንደተጀመረ ያልቅ ስለነበር ምንም ነገር አልጠረጠረም። 1,000,000 መዝገቦች ያሉት እውነተኛው ፋይል ሲሰጠው ግን ፕሮግራሙ ይንቀረፈፍ ጀመር፤ ፋይሉ ያደገው 200 ጊዜ ቢሆንም የጊዜው ዕድገት ከዚያ እጅግ የላቀ ነበር። ባልደረባዬ መጀመሪያ የወቀሰው ፋይል የሚያነበውን ክፍል ነው። በአሬይ መጨረሻ ላይ መጨመር በአማካይ ቋሚ ጊዜ እንደሚወስድ ስለተማረ፣ ጥፋቱ ከቬክተሩ ሊመጣ ይችላል ብሎ አላሰበም።

ሉፑ ይህን ይመስል ነበር፦

```cpp
for (const auto& batch : batches) {
    all.reserve(all.size() + batch.size());
    for (const auto& r : batch)
        all.push_back(r);
}
```

`reserve` የሚለው መስመር የገባው በስሕተት አይደለም፤ ፕሮግራሙን ለማፍጠን ታስቦ ነው። ባልደረባዬ ያሰበው፣ ጥቅሉ 100 መዝገቦች እንዳሉት አስቀድሞ ስለሚታወቅ ለሁሉም የሚበቃ ቦታ በአንድ ጊዜ ቢያዝ ቬክተሩ በየመሀሉ ቦታ ከመጠየቅ ይድናል ብሎ ነው። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ `reserve` የተሠራውም ቦታን አስቀድሞ ለመያዝ ነው። ሆኖም ይህ መስመር ምን እንዳበላሸ ለመረዳት በመጀመሪያ ቬክተሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ምን ያደርግ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

ቬክተሩ በራሱ ሲተው

ተለዋዋጭ አሬይ በውስጡ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ አባላቱ የተቀመጡበትን የሜሞሪ ብሎክ አድራሻ፣ በአሁኑ ጊዜ ያሉትን አባላት ቁጥር ማለትም ርዝመቱን፣ እንዲሁም ብሎኩ ሳይቀየር ሊይዝ የሚችለውን የአባላት ቁጥር ማለትም አቅሙን። ርዝመቱ ከአቅሙ ካነሰ አዲሱ አባል በመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ ይጻፋል፣ ርዝመቱም በአንድ ይጨምራል፤ ይህ ሥራ አሬዩ 10 አባላት ቢኖሩትም 10 ሚሊዮን ቢኖሩትም ያው ነው። ርዝመቱ ከአቅሙ ጋር ሲተካከል ግን ነገሩ ይለወጣል። ከብሎኩ ቀጥሎ ያለው ሜሞሪ በሌላ ነገር ተይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቬክተሩ ሌላ ሰፋ ያለ ብሎክ ይጠይቃል፣ ያሉትን አባላት በሙሉ ወደ አዲሱ ይገለብጣል፣ ከዚያም አሮጌውን ይለቃል። እንዲህ ዓይነቱ ጭማሪ ውድ ነው፤ ዋጋው በዚያች ቅጽበት በአሬዩ ውስጥ ካሉት አባላት ቁጥር ጋር አብሮ ያድጋል።

እንግዲህ አንዳንዱ ጭማሪ ርካሽ፣ አንዳንዱ ደግሞ እጅግ ውድ ከሆነ «በአማካይ ቋሚ» የሚባለው ከየት መጣ? መልሱ ያለው ውዱ ጭማሪ በምን ያህል ጊዜ ይደጋገማል በሚለው ላይ ነው፤ ይህን የሚወስነው ደግሞ አዲሱ ብሎክ ከአሮጌው ምን ያህል ይሰፋል የሚለው ደንብ ነው። እኛ የተጠቀምንበት የጂ ሲ ሲ መደበኛ ላይብረሪ አቅሙን በእጥፍ ያሳድጋል፤ ስለዚህ አባላትን አንድ በአንድ ስንጨምር አቅሙ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ ይሄዳል።

ዘጠኝ አባላትን አንድ በአንድ ብንጨምር ሁለተኛው ሲመጣ አንድ አባል፣ ሦስተኛው ሲመጣ ሁለት፣ አምስተኛው ሲመጣ አራት፣ ዘጠነኛው ሲመጣ ስምንት አባላት ይገለበጣሉ። በድምሩ 1 + 2 + 4 + 8 = 15 ግልበጣ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የድምሩ ቅርጽ ነው፤ ከመጨረሻው በፊት የነበሩት ግልበጣዎች ሁሉ ተደምረው 7 ይሆናሉ፣ ይህም ከመጨረሻው ከ8 በአንድ ያንሳል። ቁጥሮቹ የቱንም ያህል ቢገፉ ይህ አይለወጥም፦ ያለፈው ታሪክ በሙሉ ተደምሮ ከመጨረሻው ግልበጣ አይበልጥም። የመጨረሻው ግልበጣ ደግሞ አሬዩ ውስጥ ካሉት አባላት ሊበልጥ ስለማይችል፣ ጠቅላላው ግልበጣ ከአባላቱ ቁጥር እጥፍ በታች ይሆናል።

ወደ እኛ ፋይል ስንመጣ፣ 1,000,000 መዝገቦችን ለመያዝ አቅሙ ከ1 ተነስቶ እስከ 1,048,576 ይደርሳል፤ የመጨረሻው ግልበጣ 524,288 አባላትን ያንቀሳቅሳል፣ የሁሉም ድምር ደግሞ 1,048,575 ነው። ለእያንዳንዱ መዝገብ ከአንድ ትንሽ የሚበልጥ ግልበጣ ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ ግን ቁጥሩ በቆመበት ቦታ የሚወሰን ነው፤ መዝገቦቹ 1,048,577 ቢሆኑ ኖሮ የመጨረሻው አንድ መዝገብ ብቻውን የ1,048,576 አባላትን ግልበጣ ያስነሳና ድምሩ 2,097,151 ይደርስ ነበር፣ ይህም በአንድ መዝገብ ሁለት ለማለት ጥቂት የቀረው ነው። ከዚህ ዓይነቱ የከፋ የማቆሚያ ነጥብ የለም። በእጥፍ የሚያድግ አሬይ የትም ላይ ቢቆም ከሁለት ግልበጣ በላይ በነፍስ ወከፍ አያስከፍልም።

ወጪውን አስቀድሞ መክፈል

ከላይ ያለው ድምር ውጤቱን ያረጋግጣል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው ሌላ የአቆጣጠር መንገድ ነው። እያንዳንዱ ጭማሪ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ሦስት የሥራ አሃድ ይክፈል እንበል። አንዱ አሃድ አዲሱን አባል ለመጻፍ ወዲያው ይውላል፤ ሁለቱ ይቆጠባሉ። አሁን አቅሙ ከ4 ወደ 8 ገና ያደገ አሬይ እናስብ፤ አሮጌዎቹ አራት አባላት ሲገለበጡ ቁጠባው ሁሉ አልቋል ብለን ጨክነን እንቁጠር። ከዚህ በኋላ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት አራት አዳዲስ አባላት እያንዳንዳቸው ሁለት፣ በድምሩ ስምንት አሃድ ይቆጥባሉ። ዘጠነኛው ሲመጣ መገልበጥ ያለባቸው አባላት ስምንት ናቸው፤ በቁጠባው ያለውም በትክክል ስምንት ነው። እያንዳንዱ አዲስ አባል በአንዱ አሃድ የራሱን፣ በሌላው ደግሞ ቁጠባውን የጨረሰ አንድ አሮጌ አባል የመገልበጫ ወጪ ይሸፍናል።

እዚህ ላይ እጥፍ የመሆኑ ጥቅም በግልጽ ይታያል። አሬዩ እንደገና እስኪሞላ ድረስ የሚገቡት አዳዲስ አባላት ቁጥር ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል ስለሆነ ለእያንዳንዱ አሮጌ አባል የሚከፍልለት አንድ አዲስ አባል ይኖራል። አሬዩ ሲያድግ ግልበጣው ይከብዳል፣ ነገር ግን እስከ ቀጣዩ ግልበጣ ያለው ርቀትም በዚያው ልክ ይረዝማል። ይህ የስሌት መንገድ አሞርታይዝድ ትንተና በሚል ስም በሰፊው የታወቀው ሮበርት ታርጃን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ነው፤ ቃሉ ከሒሳብ አያያዝ የመጣ ሲሆን አንድን ትልቅ ወጪ በብዙ ትናንሽ ክፍያዎች ማዳረስን ያመለክታል።

«በአማካይ» የሚለው ቃል ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። እዚህ ላይ ዕድል ወይም የፕሮባብሊቲ ግምት የለም፤ ግብዓቱ እድለኛ ከሆነ ፈጣን፣ ካልሆነ ቀርፋፋ ይሆናል ማለትም አይደለም። የተባለው ከባዶ የተነሳ ማንኛውም የ`n` ጭማሪዎች ተከታታይ በድምሩ ከ`3n` አሃድ አያልፍም ነው፤ አማካዩ የሚወሰደው በተከታታዩ ላይ ነው። ድምሩ ዋስትና አለው፣ የነጠላው ጭማሪ ጊዜ ግን ዋስትና የለውም።

ያቺ አንድ መስመር ያደረገችው

አሁን ወደ `reserve` እንመለስ። በተለመዱት የሲ ፕላስ ፕላስ ላይብረሪዎች `reserve` አቅሙን የሚያሳድገው በተጠየቀው ቁጥር ልክ ነው፤ 300 ከተጠየቀ 300 ይይዛል፣ እጥፍ ያድርግ አያድርግ ብሎ አያሰላም። ስለዚህ ባልደረባዬ በእያንዳንዱ ጥቅል መጀመሪያ ላይ `all.size() + 100` ሲጠይቅ ቬክተሩ ለዚያ ጥቅል ብቻ የሚበቃ ቦታ ይይዛል፤ ጥቅሉ ሲገባ አሬዩ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ቀጣዩ ጥቅል ሲመጣ ደግሞ ያለው ሁሉ እንደገና ይገለበጣል። `push_back` አቅሙን በእጥፍ የማሳደግ ዕድል አንድም ጊዜ አላገኘም፣ ምክንያቱም እሱ በሚጠራበት ጊዜ ሁልጊዜ ቦታ አለ። አቅሙን የሚያባዛው ደንብ በኮዱ ውስጥ እንዳለ ቢሆንም በሚደምር ደንብ ተሸፍኖ ሥራ ፈትቷል።

የቁጠባው ሒሳብም እዚህ ላይ ይፈርሳል። በሁለት ግልበጣዎች መካከል የሚገቡት አዳዲስ አባላት ሁልጊዜ 100 ናቸው፤ የሚገለበጡት አሮጌዎች ግን 100፣ 200፣ 300 እያሉ ያድጋሉ። በመቶኛው ጥቅል ላይ እያንዳንዱ አዲስ አባል የ99 አሮጌዎችን ወጪ መሸፈን ይኖርበታል፤ በመጨረሻው፣ ማለትም በ10,000ኛው ጥቅል ላይ ደግሞ የ9,999 አሮጌዎችን። በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ወጪ ከአሬዩ ጋር አብሮ እያደገ ስለሚሄድ ቋሚ የሚባል ክፍያ ሊወሰንለት አይችልም። ድምሩን ስንሠራ፦

```
100 × (0 + 1 + 2 + ... + 9,999) = 4,999,500,000
```

ወደ አምስት ቢሊዮን የሚጠጋ ግልበጣ ነው፤ መስመሩ ባይኖር ኖሮ 1,048,575 ብቻ ይሆን ነበር። እያንዳንዱ መዝገብ 16 ባይት ስለሆነ ወደ 80 ቢሊዮን ባይት የሚጠጋ ውሂብ ከቦታ ወደ ቦታ ተጓጉዟል፤ የመጨረሻው ውሂብ ራሱ 16 ሚሊዮን ባይት ብቻ ሆኖ ሳለ። ባልደረባዬ ሊቀንስ ያሰበው ቦታ የመጠየቂያ ቁጥር እንኳ በተቃራኒው አድጓል፤ ቬክተሩ በራሱ 21 ጊዜ ብቻ ይጠይቅ የነበረውን አሁን 10,000 ጊዜ ጠየቀ።

በሙከራው ፋይል ላይ ለምን እንዳልታየም ከዚሁ ሒሳብ ይታወቃል። ለ5,000 መዝገቦች 50 ጥቅሎች ብቻ ስለሚኖሩ ግልበጣው 122,500 ነው፤ በእጥፍ ቢያድግ ከሚሆነው ከ8,191 ጋር ሲነጻጸር 15 ጊዜ ያህል ይበልጣል፣ ነገር ግን የሚጓጓዘው ውሂብ ሁለት ሚሊዮን ባይት እንኳ ስለማይሞላ ዓይን አያየውም። ፋይሉ 200 ጊዜ ሲያድግ ግን ግልበጣው ከ40,000 ጊዜ በላይ አደገ። በካሬ የሚያድግ ወጪ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ በትንሽ ግብዓት ላይ ተደብቆ ይቆያል።

እንዴት እንደታወቀ

ግምታችንን ያረጋገጥነው በሁለት ቀላል መንገዶች ነው። የመጀመሪያው ፋይሉን ቆርጠን በ250,000፣ በ500,000 እና በ1,000,000 መዝገቦች መሞከር ነበር። ሥራው ከግብዓቱ ጋር እኩል የሚያድግ ቢሆን መዝገቡ እጥፍ በሆነ ቁጥር ጊዜውም እጥፍ ገደማ መሆን አለበት፤ በስሌት ግን የግልበጣው ቁጥር ከ312,375,000 ወደ 1,249,750,000፣ ከዚያም ወደ 4,999,500,000 ይሄዳል፣ ይህም በየደረጃው አራት እጥፍ ነው። የተለካውም ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ያዘነበለ ነበር። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ፋይል ማንበቡን መጠርጠር መተው ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ማንበብ የፈለገውን ያህል ቢዘገይ ከፋይሉ መጠን ጋር በእኩል ነው የሚያድገው።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህም ይቀላል። አቅሙ በተለወጠ ቁጥር `all.capacity()` የሚሰጠውን ቁጥር እንዲያትም አንድ መስመር ጨመርን። የወጣው ቁጥር 100፣ 200፣ 300፣ 400 እያለ ገጹን ሞላው። ጤነኛ ተለዋዋጭ አሬይ በተከታታይ አቅሞቹ መካከል የሚያሳየው ጥምርታ ቋሚ ነው፤ እዚህ ግን ቋሚ የሆነው ልዩነቱ ነበር። ባልደረባዬ ቁጥሮቹን ካየ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ማስተካከያው መስመሩን መሰረዝ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር፤ ያ ብቻውን አምስት ቢሊዮኑን ወደ አንድ ሚሊዮን ያወርደዋል። ጠቅላላው የመዝገብ ብዛት ቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ `reserve` ከሉፑ ውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠራ ግልበጣው ጨርሶ ይጠፋል፤ የፈንክሽኑ ትክክለኛ ቦታም ያ ነው። በሉፑ ውስጥ የግድ መቆየት ካለበት የማባዛት ደንቡን ራሳችን መመለስ አለብን፦

```cpp
const auto need = all.size() + batch.size();
if (need > all.capacity())
    all.reserve(std::max(need, 2 * all.capacity()));
```

በዚህ መንገድ ጥቅሉ ትልቅ ከሆነ የሚያስፈልገውን ያገኛል፣ ትንሽ ከሆነ ደግሞ የአቅሙ እጥፍ ይያዛል። እኛ የመረጥነው መሰረዙን ነው፤ የመዝገቦቹ ብዛት ከፋይሉ መጠን ሊሰላ ቢችልም ለአንድ ግልበጣ በነፍስ ወከፍ ያን ያህል መልፋት አስፈላጊ አልመሰለኝም። በነገራችን ላይ የረስት ቋንቋ ሁለቱን ዓላማዎች በስም ይለያቸዋል፤ `reserve` ወደፊት ለሚመጣ ዕድገት ትርፍ ቦታ ሊይዝ ይችላል፣ በልኩ ብቻ እንዲይዝ የሚፈልግ ደግሞ `reserve_exact` ብሎ መጻፍ አለበት። በሲ ፕላስ ፕላስ ይህ ልዩነት በስሙ ላይ ስለማይታይ ስሕተቱ በቀላሉ ይፈጸማል።

ዋስትናው የሚያበቃበት

ማባዣው የግድ ሁለት መሆን የለበትም። የጃቫ `ArrayList` በ1.5 ያህል ያድጋል፣ የፓይተን `list` ደግሞ አባላቱ ሲበዙ በአንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ። ማባዣው `g` ቢሆን ጠቅላላው ግልበጣ ከ`n · g / (g − 1)` በታች ይሆናል፤ ለ2 ይህ `2n`፣ ለ1.5 ደግሞ `3n`፣ ለ1.125 `9n` ነው። ሁሉም ቋሚ ናቸው፤ የሚለያዩት ግልበጣን ከባዶ ሜሞሪ ጋር በሚያመዛዝኑበት መንገድ ነው። በእጥፍ የሚያድግ አሬይ ልክ እንዳደገ ግማሹ ያህል ባዶ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ስምንተኛ የሚያድገው ግን ትርፉ ጥቂት ነው። ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ቋሚ ማባዣ ይሠራል፤ የማይሠራው ቋሚ ድምር ነው፣ ድምሩ 100 ሳይሆን 10,000 ቢሆን እንኳ ካሬው በ100 ይካፈላል እንጂ አይጠፋም።

ተመሳሳይ ጉዳት በማሳነስም ይመጣል። አሬዩ አባላቱ ወደ አቅሙ ግማሽ በወረዱ ቁጥር ብሎኩን በግማሽ ቢያሳንስ፣ በዚያ ድንበር ላይ አንድ እየጨመረና አንድ እየቀነሰ የሚሄድ ፕሮግራም በእያንዳንዱ እርምጃ ሁሉንም እንዲገለብጥ ሊያስገድደው ይችላል። የተለመደው መፍትሔ አባላቱ ወደ አንድ አራተኛ እስኪወርዱ መጠበቅና ያን ጊዜ በግማሽ ማሳነስ ነው፤ ከማሳነሱ በኋላ አሬዩ ግማሽ ሙሉ ስለሚሆን ወደ ቀጣዩ ግልበጣ በሁለቱም አቅጣጫ በቂ ርቀት ይኖረዋል። በሉፕ ውስጥ `shrink_to_fit` መጥራትም በየዙሩ ትርፍ ቦታውን ስለሚጥል ከ`reserve` ጋር አንድ ዓይነት ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

በተስተካከለው ፕሮግራም ውስጥም አንድ ነገር አልተለወጠም። 524,289ኛው መዝገብ ሲጨመር 524,288 አባላት፣ ማለትም ስምንት ሚሊዮን ተኩል ባይት ገደማ፣ በአንዲት `push_back` ውስጥ ይገለበጣሉ፤ ያቺ አንዲት ጥሪ ከጎረቤቶቿ ሁሉ በእጅጉ ትዘገያለች። ፋይል አንብቦ ለሚጨርስ ፕሮግራም ይህ ችግር አይደለም፣ የሚጠበቀው ድምሩ ነውና። እያንዳንዱ ጥሪ በተወሰነ ሚሊሰከንድ ውስጥ መመለስ ላለበት የድምፅ ወይም የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ግን የአማካዩ ዋስትና አይበቃም፤ እዚያ ቦታው ሥራው ሳይጀመር በሙሉ ይያዛል፣ ወይም ብሎኮቹ ሳይገለበጡ ባሉበት እየቆዩ አዲስ ብሎክ የሚቀጠልበት ሌላ አወቃቀር ይመረጣል።